«ያጠራል» እና «ያቀላል»፦ የቆዳ ማንጫ ቅባት ለምን መውጫ የሌለው መንገድ ይሆናል?

በመዋቢያ መሸጫ ሱቅም ሆነ በቴሌግራም ቻናል ስለ ፊት ቅባት ሲወራ ሁለት ቃላት እየተቀያየሩ ይሰማሉ። «ፊት ያጠራል» ይባላል። ወዲያው ደግሞ «በሳምንት ያቀላል» ይባላል። ገዢዋ የፈለገችው ብጉር ጥሎባት የሄደውን ጥቁር ምልክት የሚያጠፋ ነገር ሊሆን ይችላል። የሚሰጣት ግን ብዙ ጊዜ ፊቷን በሙሉ የሚያነጣ ቅባት ነው። ምልክቱም ከጤነኛው ቆዳ ጋር አብሮ ስለሚደበዝዝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቱ ነገሮች አንድ ይመስላሉ።

በቆዳ ውስጥ የሚካሄደው ነገር ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ማጥራት ማለት በቆዳ ላይ የደረሰ ጉዳት ጥሎት የሄደውን ትርፍ ቀለም አስወግዶ ፊትን ወደ ራሱ ቀለም መመለስ ነው። ማቅላት ደግሞ ያንን የራስ ቀለም መቀየር ነው። የመጀመሪያው ሥራ መጨረሻ አለው። ሁለተኛው የለውም፤ አደጋውም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ቀለሙን የሚሠራው ማን ነው?

ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሚሠሩት ደግሞ በላይኛው የቆዳ ንብርብር ታችኛ ጠርዝ ላይ የተቀመጡ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። ጥቁር፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ ወይም ቀይ በምንላቸው ሰዎች መካከል የእነዚህ ሕዋሳት ብዛት ያን ያህል አይለያይም። የሚለያየው የሚያመርቱት ሜላኒን መጠንና አደራደሩ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ውስጥ የሜላኒን ቅንጣቶች ተለቅ ያሉ ናቸው፤ አንድ በአንድ ተበትነው እስከ ላይኛው ንብርብር ይደርሳሉ። በነጣ ያለ ቆዳ ውስጥ ደግሞ ትንንሽና የተጠቀለሉ ሲሆኑ፣ ወደ ላይ ሳይደርሱ አብዛኞቹ ይፈርሳሉ።

ይህ አደራደር በዘር የሚወረስ ነው። ምርቱ የሚጀምረው ታይሮሲኔዝ በሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ሥራን በሚያቀላጥፍ ፕሮቲን ነው። የማንጫ ቅባቶች ዋና ዒላማም ይኸው ኢንዛይም ነው። ቅባት ኢንዛይሙን ለጊዜው ሊያስተኛው ይችላል፤ ምን ያህል ሜላኒን እንዲያመርት የሚያዘውን ውርስ ግን አይለውጥም። ስለዚህ ቅባቱ ሲቆም ምርቱ ወደነበረበት ይመለሳል። የቀላ ፊት እንደቀላ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ቅባቱን ዕድሜ ልኩን መቀባት አለበት ማለት ነው። ለአንድ ወር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳታቸው ትንሽ የሚሆን ኬሚካሎች አሉ። ለዓመታት ሲቀቡ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ።

ሜላኒን የሚሰጠው ጥበቃም ሊረሳ አይገባም። የጥቁር ሰዎች ላይኛው የቆዳ ንብርብር ብቻውን 13 ገደማ የሚሆን የፀሐይ መከላከያ ኃይል እንዳለው ተለክቷል፤ የነጮቹ 3 ገደማ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በከፍታ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ሲታሰብ፣ አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ይህን መጋረጃ መግፈፍ ቀላል ነገር አይደለም።

የአንድ ቱቦ ሒሳብ

በኛ ሰው ዘንድ በማንጫነት ከሚዘዋወሩት መካከል በቅርብ መታየት ያለበት የስቴሮይድ ቅባት ነው። ስቴሮይድ ስንል እዚህ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ማለታችን ነው። ከሁሉም ጠንካራው ክሎቤታሶል ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ 0.05 በመቶ መጠን ይዞ በቱቦ ይሸጣል። ቁጥሩ ትንሽ መምሰሉ ብዙዎችን ያዘናጋል። ይህ መድኃኒት ግን ለስላሳ ከሚባለው ሃይድሮኮርቲዞን በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት አለው። የተሠራው እንደ ሶርያሲስ ላሉ ጠጣር የቆዳ በሽታዎች ነው። አብሮት የሚመጣው መመሪያ ፊት ላይ እንዳይቀባ፣ ከ2 ተከታታይ ሳምንታት በላይ እንዳይወሰድ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳያልፍ ይላል።

መጠኑን በተግባር እንመልከተው። የቆዳ ሐኪሞች የቅባት መጠን የሚለኩት በጣት ጫፍ ነው። ከቱቦው አፍ ወጥቶ በአዋቂ ሰው ጠቋሚ ጣት የመጨረሻ አንጓ ርዝመት የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ያህላል። ፊትና አንገትን ለመሸፈን ሁለት ተኩል ያህል እንዲህ ያለ ልክ ይበቃል፤ ያ 1.25 ግራም ነው። ጠዋትና ማታ ከተቀባ በቀን 2.5 ግራም ይሆናል። 30 ግራም የሚይዝ ቱቦ በ12 ቀን ያልቃል ማለት ነው። የመድኃኒቱ መግለጫ ራሱ ደግሞ በቀን 2 ግራም ብቻ ሲቀባ እንኳ ሰውነት የራሱን ኮርቲዞል ማምረቱን ሲቀንስ እንደታየ ይገልጻል። ኮርቲዞል ከኩላሊት በላይ ባሉ ሁለት ዕጢዎች የሚሠራ፣ የደም ግፊትንና የስኳር መጠንን የሚያስተካክል፣ ሕመም ሲመጣም ሰውነትን የሚያቆም ሆርሞን ነው። በየ12 ቀኑ አንድ ቱቦ የምትጨርስ ሴት «ፊቴን ብቻ ነው የምቀባው» ብትል እውነቷን ነው። ግን ከዚያ ወሰን አልፋለች፤ እጇንና እግሯን የጨመረች ደግሞ እጅግ አልፋለች።

ቅባቱ የሚያቀላው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በቆዳ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ቆዳው በሰዓታት ውስጥ ገረጣ ይላል። የስቴሮይድ ቅባቶች ጥንካሬ የሚለካው ራሱ በዚሁ መገርጣት ነው። ሁለተኛ፣ የሜላኖሳይቶችን ሥራ ያዳክማል። ሦስተኛ፣ ቆዳውን ያሳሳል። በዚያ ላይ ብጉርና ማሳከክን ለጊዜው ስለሚያበርድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተአምር ይመስላሉ፤ ፊት ይለሰልሳል፣ ምልክት ይደበዝዛል፣ ሰውም ያመሰግናል። ቅባቱን ለጎረቤት የሚያስተዋውቀውም ይህ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሲዘገይ እንጂ ሲቀር ብዙም አይታይም። ቆዳን የሚወጥሩት ኮላጅን የተባሉት ክሮች እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ጉንጭ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ በትንሽ ፍትጊያ ቆዳው ይላጣል። ክንድና ጭን ላይ ከተቀባ ሸንተረር ይወጣል፤ ሸንተረር ደግሞ አንዴ ከወጣ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ትንንሽ ብጉሮች በብዛት ይፈላሉ። ያልታወቀ ጭርት ላይ ከተቀባ ማሳከኩ ቆሞ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል፤ ቅርጹም ስለሚለወጥ ሐኪምን ሳይቀር ያሳስታል። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊትንና ሞራን ሊያመጣ ይችላል።

ሲቆም ምን ይሆናል?

ወጥመዱ የሚዘጋው ሰው ቅባቱን ለመተው የሞከረ ዕለት ነው። ለወራት ታፍነው የቆዩት የደም ሥሮች በቀናት ውስጥ ይሰፋሉ። ፊት ያቃጥላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ይሰነጣጠቃል። በነጣ ቆዳ ላይ ይህ እንደ ፍም መቅላት ሆኖ ይታያል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ ወዳለ ጥቁረት ያደላል። የተቆጣ ቆዳ ደግሞ፣ በተለይ ጠቆር ያለው፣ ቁጣውን የሚመልሰው ብዙ ሜላኒን በማምረት ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ መስታወት ስታይ የምታገኘው የድሮ ፊቷን ሳይሆን ከድሮው የጠቆረና የሚያቃጥል ፊት ነው።

ይህን ያየ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ «ቅባቱን ስተወው ነው የተበላሸሁት፤ ይስማማኝ ነበር» የሚል ነው። ቱቦው ሲመለስ ቃጠሎው በአንድ ሌሊት ይበርዳል፤ ያ ደግሞ ትክክል የነበረች ያስመስላታል። በየዙሩ ግን ቆዳው እየሳሳ፣ የሚያስፈልገው ቅባት እየጨመረ ይሄዳል።

ሰፊ የሰውነት ክፍል ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው ላይ ሌላም አደጋ አለ። ዕጢዎቹ ኮርቲዞል ማምረት ትተው ከነበረ፣ ቅባቱ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት በቂ ሆርሞን ሳይኖረው ይቀራል። ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ ይከተላል። ቀዶ ሕክምና ወይም ከባድ ኢንፌክሽን በዚያ ወቅት ከመጣ ለሕይወት ያሰጋል። «ዛሬውኑ ጣይው» የሚለው ቅን ምክር ለእንደዚህ ያለው ሰው ትክክል አይደለም።

ያነጣው መልሶ ሲያጠቁር

በማንጫ ቅባቶች ውስጥ የሚገኘው ሌላው ንጥረ ነገር ሃይድሮኪኖን ከስቴሮይድ የተለየ ነው። ታይሮሲኔዝን በቀጥታ ያግዳል፤ በሐኪም እጅ ለተወሰነ ጊዜ ሲሆን ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ለዓመታት በሰፊው ሲቀባ ግን የራሱን ሥራ የሚያፈርስ ነገር ያመጣል። በ1975 (እ.ኤ.አ.) የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ማንጫ በሚቀቡ ሴቶች ጉንጭ ላይ ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁረት ሲወጣ አይተው ጻፉ። ኦክሮኖሲስ ይባላል። ጥልቀት ባለው የቆዳ ክፍል ውስጥ ቢጫ ቡኒ የሆነ ዝቃጭ ሲጠራቀም የሚፈጠር ነው። ፀሐይ በሚያገኛቸው የጉንጭ አጥንትና የጆሮ ግንድ አካባቢ ይጀምራል፤ ሲበረታም በጣት ሲዳሰስ ጥቁር ጤፍ የተበተነበት የሚመስል ሻካራ ነገር ይሆናል።

ምልክቱን ከማድያት መለየት ለተጠቃሚው አስቸጋሪ ነው። አንድ ጠቃሚ ፍንጭ ግን አለ፦ ቅባቱ እየተቀባ ጥቁረቱ እየባሰ ከሄደ፣ ቀለሙም ከቡኒ ይልቅ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ካደላ፣ ጥፋተኛው ቅባቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት መጠኑን መጨመር ነው። ኦክሮኖሲስ ከያዘ በኋላ ለማስለቀቅ እጅግ አዳጋች ነው፤ በሌዘርም ቢሆን ውጤቱ እርግጠኛ አይደለም።

ደቡብ አፍሪካ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ምርቶች አገደች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 እንዲሁ አደረገ። አሜሪካ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አድርጋለች። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ዘመድ «ከውጭ የመጣ ነው» ብሎ የሚልከው ሃይድሮኪኖን ያለበት የመዋቢያ ቅባት፣ በዚያው አገርም በሕጋዊ ሱቅ የማይሸጥ ሊሆን ይችላል።

ስም የሌለው ብልቃጥ

ሦስተኛው አደጋ ሜርኩሪ ነው። የሜርኩሪ ጨውም ታይሮሲኔዝን ያዳክማል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ፊትና እግር ያብጣል፣ ሽንት አረፋ ይሆናል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ንጭንጭና የእጅ መንቀጥቀጥም ይመጣል። ከሌሎቹ የሚለየው ጉዳቱ በተቀባው ሰው ላይ ብቻ አለመቅረቱ ነው። በትራስ፣ በፎጣና በመነካካት ወደ ልጆች ያልፋል፤ ቅባቱ ያልነካው ሕፃን ሽንት ውስጥ ሜርኩሪ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ሚናማታ የተባለው የሜርኩሪ ዓለም አቀፍ ስምምነት መጀመሪያ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ከልክሎ ነበር። በ2023 (እ.ኤ.አ.) አባል አገሮቹ ያንን ወሰን አንስተው፣ ከ2025 በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ጭራሽ እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይወጣ ወሰኑ። ሜርኩሪ በማሽተት፣ በቀለምም ሆነ በዓይን አይለይም። ቢሆንም ይዘቱ ያልተጻፈበት ወይም በእጅ የተሞላ ብልቃጥ፣ ግራጫ ወይም ክሬም መልክ ያለው፣ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበት ቅባት ሲገኝ መጠርጠር ይገባል። ሜርኩሪ ከእነዚህ ብረቶች ጋር ስለሚዋሃድ ነው ሻጩ እንዲህ የሚያስጠነቅቀው።

የሚነሱ ክርክሮች

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ከሚነሱት መካከል ሦስት ሐሳቦች ችላ ሊባሉ አይገባም። አንዱ «ቆዳው የራሷ ነው፤ ጎልማሳ ሰው የፈለገውን ይቀባ» የሚል ነው። ቀይ መሆን ለጋብቻም፣ ለሥራም፣ ለካሜራም ዋጋ በሚሰጠው ማኅበረሰብ ውስጥ እየኖረች ስለምርጫዋ እሷን ብቻ መውቀስ በእርግጥ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ምርጫ የሚባለው የሚመረጠው ነገር ሲታወቅ ነው። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ብልቃጥ የገዛች ሴት ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ለመቀባት አልመረጠችም፤ ተሸጠላት እንጂ።

ሁለተኛው «ሐኪሞችም ሃይድሮኪኖን ያዛሉ» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ለማድያት ሃይድሮኪኖን፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነው ትሬቲኖይንና ለስላሳ ስቴሮይድ የተቀላቀሉበት ቅባት ይታዘዛል። ልዩነቱ ያለው በአጠቃቀሙ ነው። ቅይጡ የሚቀባው ምልክቱ ላይ ሆኖ ለ8 ሳምንታት ገደማ ነው፤ ከዚያ ይቆማል ወይም በሌላ ይተካል። ሐኪሙ የሚጠብቀው ምልክቱ ከዙሪያው ቆዳ ጋር እንዲመሳሰል ነው። በማቅላት ግን ዙሪያው ራሱ ዒላማ ስለሆነ ማቆሚያ ቀን አይገኝም።

ሦስተኛው «ይታገድ» የሚለው ነው። እገዳ አስፈላጊ ነው፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮችም አግደዋል። ብቻውን ግን አልበቃም። የተከለከለው ቅባት ስም ቀይሮ ወይም ያለ ምንም ጽሑፍ በብልቃጥ ተመልሶ ይመጣል። ለኛ የሚሻለው ከምርት ስም ይልቅ የይዘት ምርመራ ላይ ማተኮር፣ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ወረቀት የሚወጣበትን በር መዝጋት፣ እና ለፊቷ ምልክት መፍትሔ የምትፈልግ ሴት ተመጣጣኝ አማራጭ እንዳላት ማሳየት ይመስለኛል። ሰው ሌላ በር ካላየ የተዘጋውን ማንኳኳቱ አይቀርም።

ማጥራት በተግባር

ያ አማራጭ ምን እንደሚመስል በአንድ የተለመደ ሁኔታ እንየው። አንዲት ጠይም ሴት ጉንጯና አገጯ ላይ ብጉር ይወጣባታል፤ ብጉሩ ሲደርቅ ለወራት የሚቆይ ቡኒ ነጠብጣብ ይተዋል። ነጠብጣቡ ጠባሳ አይደለም። ቆዳው ሲቆጣ ሜላኖሳይቶቹ ያመረቱት ትርፍ ቀለም ነው። ላይኛው የቆዳ ንብርብር በወር እስከ ሁለት ወር ገደማ ራሱን ስለሚያድስ፣ አዲስ ቁጣ ካልተጨመረበት ትርፉ ቀለም ከሚረግፈው ቆዳ ጋር ይወጣል። ሕክምናው ቆዳው ራሱ የጀመረውን ሥራ ማገዝ ነው።

መጀመሪያ የሚደረገው ምንጩን ማቆም ነው። ብጉሩ እየወጣ ነጠብጣቡን ማከም በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደመወልወል ነው። ብጉር መጭመቅ፣ በሻካራ ነገር መፈተግ፣ ሎሚ መቀባት ሁሉ መቆም አለባቸው። በተለይ ሎሚ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ኬሚካል ስላለው ከበፊቱ የከፋ ጥቁረት ይተዋል።

ቀጥሎ ፀሐይ ነው። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው የፀሐይ መከላከያ መጠን በጠቋሚና በመሃል ጣት ርዝመት የተዘረጉ ሁለት መስመሮች ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ግማሹን ነው የሚቀባው፤ «አልሠራልኝም» የሚለውም ከዚህ ይመጣል። ኃይሉ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ውጭ ከተዋለ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ፣ ለማድያት ደግሞ ይበልጥ፣ ሌላም ነገር አለ። ዓይናችን የሚያየው ተራ ብርሃንም ቆዳችንን ያጠቁራል፤ ቀለም የሌለው መከላከያ ደግሞ ይህን ብርሃን አያግደውም። የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ መልክ ያለው መከላከያ ነው። መግዛት ለማይችል ሰው ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ሁለቱንም ጨረር ስለሚቀንሱ ሊናቁ አይገባም።

ሦስተኛው ማጥሪያው ነው። ከ15 እስከ 20 በመቶ የሆነ አዘሌይክ አሲድ ለእንዲህ ያለው ፊት ጥሩ መነሻ ነው፤ ብጉሩንም ትርፉን ቀለምም አንድ ላይ ይይዛል፣ እርጉዝ ሴትም በሐኪም ምክር ልትቀባው ትችላለች። የሚሠራው በዋናነት ከመጠን በላይ በተነቃቁት ሜላኖሳይቶች ላይ ስለሆነ ጤነኛውን ቆዳ አያነጣም። መጀመሪያ ላይ ማሳከክና መለብለብ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መንጋጋ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ለጥቂት ቀናት ሞክሮ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። ቶሎ ይሥራ ብሎ ማብዛት ቁጣ ይፈጥራል፤ ቁጣው ደግሞ አዲስ ጥቁረት ይሆናል። ኒያሲናማይድ ከዚህም የለዘበ አማራጭ ነው። ትሬቲኖይንና ዘመዶቹ ጠንካሮች ናቸው፤ በእርግዝና ወቅት ግን አይነኩም።

ውጤቱ የሚዳኘው ከ8 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ነው። በየአራት ሳምንቱ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ፊልተር የተነሳ ፎቶ ከዕለታዊው መስታወት የተሻለ ይናገራል። ሥራው ማለቁ የሚታወቀው ደግሞ ነጠብጣቡ አጠገቡ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ሲመሳሰል ነው። የተፈጥሮ ቀለሙን ለማወቅ የክንድን ውስጠኛ ክፍል ማየት ይቻላል፤ ፊት ፀሐይ ስለሚያገኘው ከዚያ ጠቆር ማለቱ የተለመደ ነው። ፊት ከክንድ ውስጥ ቀልቶ ከጣት መገጣጠሚያ፣ ከጆሮና ከክርን ጋር መለያየት ከጀመረ ግን የተቀባው ነገር ማጥሪያ አይደለም። የጣት መገጣጠሚያ ቆዳ ማንጫን ስለሚቋቋም እንደነበረ ይቀራል፤ ከእጁ የነጣ ፊት የሚባለው ይኸው ነው።

ማጥራትም የማይደርስበት ቦታ

ቡኒ ነጠብጣብ ላይኛው ንብርብር ውስጥ ስላለ በወራት ይለቃል። ወደ ግራጫ ሰማያዊ ያደላው ግን ቀለሙ ወደ ጥልቁ ወርዷል፤ ዓመታት ሊፈጅ፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ማድያት ደግሞ ከነጠብጣብ ይለያል። ከሆርሞን፣ ከዘርና ከብርሃን ጋር የተያያዘ ስለሆነ በእርግዝና ወይም በወሊድ መቆጣጠሪያ ምክንያት ይመጣል፤ ከጠራም በኋላ በአንድ የበጋ ወቅት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ «ማድያትን ነቅሎ ያጠፋል» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ማድያት በቁጥጥር ሥር ይውላል፤ ቁጥጥሩም በዋናነት በብርሃን መከላከያ ነው።

አንገት ላይና ብብት ውስጥ የሚወጣ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ወፈር ያለ ጥቁረት ደግሞ የቅባት ጉዳይ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰውነት ኢንሱሊንን በሚገባ አለመጠቀሙን ያሳያል፤ ከማንጫ በፊት የስኳር ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

ቀድሞ ለጀመረ ሰው

የስቴሮይድ ቅባት ለወራት ፊት ላይ ብቻ የተቀባ ሰው ወደ ቆዳ ሐኪም ሲሄድ፣ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ወደ ለስላሳ ስቴሮይድ ዝቅ እያደረገ፣ ድግግሞሹን እየቀነሰ ያስለቅቃል፤ አንዳንዴም ስቴሮይድ ባልሆነ ማብረጃ ይተካል። ቃጠሎው ሳምንታት፣ ለረጅም ጊዜ ለተቀባ ሰው ደግሞ ወራት ሊቆይ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ቱቦው አይመለስም። በዚያ ጊዜ ፊት ላይ የሚያስፈልገው ሽታ የሌለው ለስላሳ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ብቻ ነው፤ ማጥሪያውም ቢሆን ቃጠሎው እስኪያልፍ ይቆያል።

እጅና እግሩን፣ ወይም ሙሉ ሰውነቱን ለወራት የተቀባ ሰው ግን በራሱ ከማቆሙ በፊት የኮርቲዞል ምርመራ ያስፈልገዋል። ሜርኩሪ የተጠረጠረበት ደግሞ ወዲያው ማቆም፣ የእሱንም የቤተሰቡንም ሽንት ማስመርመር፣ ቅባቱን ልጆች ከማይደርሱበት በላስቲክ አሽጎ ማስቀመጥ አለበት። ሁሉም ወደ ሐኪም ሲሄዱ ቱቦውን ወይም ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ። ብዙ ሰው አፍሮ «ቫዝሊን ብቻ ነው የምቀባው» ይላል፤ ሐኪሙም ብጉር ወይም አለርጂ መስሎት ሌላ ስቴሮይድ ጽፎ ይሸኘዋል።